ከአዋጁ በፊት አርባ ቀን

የመማሪያ መጻሕፍት ማተሚያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራውን አርታኢ ባልደረቦቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «መቀሷ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ገና ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ አንድ ደራሲ የሦስት ገጽ መግቢያ ይዞ ቢመጣ በአራት መሥመር ስታስቀርበት ነው። ሰውዬው በንዴት በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ «አራቱ መሥመር ይሻላል» አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። መቀሷ ሃምሳን ተሻግራለች፤ መነጽሯ በክር ተንጠልጥሎ ደረቷ ላይ ይውላል፤ ቀይ እስክሪብቶዋን ለማንም አታውስም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገጽ አቀናባሪው የዘጠነኛ ክፍል ታሪክ መጽሐፍን ረቂቅ በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። ቀልድ የማያጣው ወፍራም ሰው ነው፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ቀልዱም ይበዛል።

«ምዕራፍ አምስትን አመጣሁልሽ» አለ ጠረጴዛዋ ላይ ዘፍ አድርጎ። «"ፋብሪካና ሠራተኛ" ይላል። ሃያ ስምንት ገጽ ነው። መምህራኑ በየምዕራፉ መጨረሻ የጊዜ ሰሌዳ ይግባልን ብለዋል፤ ቀኑ በግራ፣ የሆነው ነገር በቀኝ፣ እያንዳንዱ በአንድ መሥመር።»

«ስንት መሥመር ሰጠኸኝ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ለሃያ ስምንት ገጽ?»

«እኔማ ሃያ ልሰጥሽ ነበር፤ ግን ያው ስምሽን አላሰድብም ብዬ ነው» አለና ሳቀ። «ሰኞ ማለዳ ወደ ማተሚያው ይገባል። አንዱም ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛ መሥመር እንዳይወርድብኝ፤ ሰሌዳው ይበላሻል።»

መቀሷ ራሷን ነቀነቀች። ሥራው አላስፈራትም። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፤ ረጅም ነገር አሳጥሮ ትርጉሙን አለማጉደል የሚያኮራ ሙያ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ምዕራፉን የጻፉትን ፕሮፌሰርም ታውቃቸዋለች። ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው እንደ ጽሑፋቸው የሰከነ፣ ሦስት ትውልድ ያስተማሩ ሰው ናቸው።

አሠራሯ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ምንም አልነካችም። ሁለተኛ ስታነበው ቀን ያለበትን ሁሉ በቀይ አሰመረች። «በ1952» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «በዚያው ክረምት»፣ «ከሁለት ዓመት በኋላ»፣ «በማግስቱ» የሚሉትንም አልዘለለችም። ተማሪ የሚስተው እነዚህን ነውና። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ካርድ ቆረጠች። ካርዱ ላይ ቀኑን፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የገጹን ቁጥር ትጽፋለች። ቀኑ በቁጥር ከተጻፈ በቀለም፤ «ከዚያ በኋላ» ዓይነት ከሆነ ደግሞ መነሻው እስኪገኝ ድረስ በእርሳስ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ሠላሳ አራት ካርድ ደረሰ። የስብሰባውን ረጅም ጠረጴዛ አስለቅቃ ካርዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በየቀናቸው ትደረድር ጀመር። «የጥጥ ዋጋ እየናረ ሄደ» የሚለው ወደቀ፤ እየናረ የሄደ ነገር ሁኔታ እንጂ ድርጊት አይደለም፤ ቀንም የለው። «ፋብሪካው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ» የሚለውን እንዳለ ተወችው። ደራሲው ዓመቱን ካልቆረጠ እሷ ከየት አምጥታ ትቆርጥለታለች? «ባለቤቱ ፋብሪካውን ሸጦ ወደ ማዕድን ሥራ ገባ» የሚለውን ደግሞ ለሁለት ከፈለችው፤ ሁለት ግስ ካለው ሁለት ድርጊት ነው፤ ማዕድኑ ምዕራፉን ስለማይመለከተው ሽያጩን ብቻ አስቀረች።

እጇ የቆመው የ1958 ካርዶች ላይ ስትደርስ ነው።

የሥራ ሰዓት አዋጁ ካርድ በቀለም ተጽፏል፤ «ሐምሌ 3 ቀን 1958፦ መንግሥት የስምንት ሰዓት አዋጅ አወጣ፤ ገጽ 84»። ያ «የመንግሥት ማሻሻያዎች» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አድማ ግን ገጽ 97 ላይ፣ «ሁከትና አለመረጋጋት» በሚለው ክፍል ነው የመጣው፤ እሱም በእርሳስ ነው። መቀሷ ያለምንም ማሰብ የአድማውን ካርድ ከአዋጁ በስተቀኝ አኖረችው። ከአዋጁ በኋላ እንደነበረ ሁሉም ሰው ያውቃላ! እሷ ራሷ ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማው ያደገችው ነገር ነው። «ስምንት ሰዓቱ ወጥቶላቸው እንኳ አመፁ» ይሉ ነበር እናቷ።

ግን ደንብ ደንብ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈ ቀን መነሻ ይፈልጋል። ገጽ 97ን ገለጠች። «ሠራተኞቹ የወንዙ ድልድይ በተመረቀ በዘጠነኛው ቀን ሥራ አቁመው፣ አድማው አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ በዚያው ወር በ23 አበቃ» ይላል። ድልድዩ መቼ ተመረቀ? ወደ ኋላ ገለጠች፤ ገጽ 78፣ ስለ መንገድ ሥራ በሚያወራው አንቀጽ መካከል፦ «ግንቦት 5 ቀን 1958»።

አምስት ላይ ዘጠኝ ደመረች። ግንቦት 14። ግንቦት ደግሞ ከሐምሌ በፊት ነው።

ካርዱን አንስታ ከአዋጁ በስተግራ አኖረችው። ከዚያ ወደ ኋላዋ አንድ እርምጃ ሄዳ ጠረጴዛውን ትክ ብላ አየችው። ፕሮፌሰሩ አንዲት የሐሰት ቃል አልጻፉም። ነገሩን በርእስ በርእስ ከፋፍለው መንግሥትን ከመንግሥት፣ አመፅን ከአመፅ ጋር ስላስቀመጡት ብቻ፣ በኋላ የሆነው ፊት ተነበበ፤ ፊት የሆነውም ኋላ። በምዕራፉ ማብቂያ ደግሞ «መንግሥት የሠራተኛውን ሰዓት ቢያሻሽልም አድማ አላባራም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አንባቢ ከዚህ ወዲያ ምን ይበል?

አንድ ነገር ግን ቆረቆራት። ከ14 እስከ 23 ሲቆጠር አሥር ቀን ነው። ጽሑፉ አሥራ አንድ ይላል። ካርዱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጋ ቦርሳዋን አነሳች።

እናቷ አብረዋት ነው የሚኖሩት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን በዚያው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ አሳልፈዋል። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን ስለወሰደው የሰው ከንፈር እያዩ ነው የሚያዳምጡት፤ እሱንም የተማሩት እዚያው ነው፤ ሸማኔዎች በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ በከንፈር ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ስለዚህ ለእናቷ ዞር ብሎ ማጉተምተም አይቻልም። የሚባል ነገር ካለ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አፍን ሞልቶ ነው።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የአዲስ መጋረጃ ጨርቅ በአውራ ጣታቸው እያሹ ይፈትሹ ነበር።

«ማን ሸጠልሽ ይኼን?» አሉ። «ድሩ ስስ ነው። በዓመቱ ወንፊት ይሆናል።»

«እመልሰዋለሁ፤ እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያ የፋብሪካው አድማ ጊዜ… ስንት ቀን ነበር የቆየው?»

እናቷ መጋረጃውን ጭናቸው ላይ አጠፉት። የማይወዱት ወሬ ነው፤ ቢሆንም ስለ እሱ ሲጠየቁ ሸሽተው አያውቁም። «አሥራ አንድ ጠዋት» አሉ።

«እርግጠኛ ነሽ? አሥር አይደለም?»

«አንቺ ልጅ! አሥራ አንድ ጠዋት እኮ ነው በእነዚያ ሴቶች መካከል ሰንጥቄ የገባሁት። ማን እንዲነግረኝ ነው? እሑድም ገብተናል፤ ያኔ እሑድ የሚባል ዕረፍት መች ነበረንና። በር ላይ ቆመው ያዩናል፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ቢሰድቡን በተሻለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ተመልሰው ማሽናቸው ላይ ቆመዋል። የተባረሩት ሲቀሩ።» የታጠፈውን መጋረጃ በመዳፋቸው ዳበሱት። «የጎኔ ማሽን ግን ባዶ ነበር።»

የጎናቸው ማሽን ላይ ትሠራ የነበረችው ማን እንደሆነች ልጃቸው ታውቃለች። ከእናቷ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረች፣ በአንድ ሳህን የሚበሉ፣ በአንድ ጃንጥላ የሚሄዱ ጓደኛሞች ነበሩ። ከዚያ አድማ በኋላ ግን ተቆራረጡ። ጓደኛቸው ዛሬም በሕይወት አለች፤ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ሁለት መንገድ እልፍ ብሎ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም።

«ለምን ገባሽ ግን እማዬ?»

«ነግሬሻለሁ እኮ። አለቃው በር ላይ ሰብስቦን "የስምንት ሰዓቱ አዋጅ ወጥቷል፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ነው፤ እነዚህ ሥራ ጠልተው ነው" አለን። እውነትም ወጣ። ታዲያ የተሰጣቸውን ይዘው አርፈው አይቀመጡም? አባቴ ታሞ ተኝቷል፤ አራት ታናናሾች አሉብኝ። በጥጋበኞች ነገር ልራብ?»

መቀሷ አንደበቷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ያልተጣራ ቀን ይዞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ጥርጣሬ ይዛ የእናቷን ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አታናጋም፤ መጀመሪያ ይጣራ።

ይልቅስ «አሥራ አንድ ጠዋት» የሚለው ጭንቅላቷ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። እናቷ በቁጥር አይሳሳቱም፤ በተለይ ያሳመማቸውን ቁጥር። እንግዲያው የጽሑፉ አሥራ አንድ ልክ ከሆነ የተሳሳተው የማን ቁጥር ነው? መልሱ ጥርሷን ስትፋቅ መጣላት። «በተመረቀ በዘጠነኛው ቀን» ማለት የምረቃውን ቀን አንድ ብሎ መጀመር ነው እንጂ ዘጠኝ መደመር አይደለም! ግንቦት 5 አንድ፣ ግንቦት 6 ሁለት… ዘጠነኛው ግንቦት 13 ነው። ከ13 እስከ 23 በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ፤ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ገጠመ። መቀሷ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አይታ «ከሃያ ስድስት ዓመት ሥራ በኋላ መቁጠር ልትማሪ?» አለችና ሳቀች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ፕሮፌሰሩ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥተው መጡ። ሰሌዳውን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡት። ጣታቸው ሁለት መሥመር ላይ ቆመ።

ግንቦት 13–23 ቀን 1958 — የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የስምንት ሰዓት ሥራ ጠይቀው አድማ አደረጉ።

ሐምሌ 3 ቀን 1958 — መንግሥት የስምንት ሰዓት አዋጅ አወጣ።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይኼ እኔ ያልኩት አይደለም።»

«የትኛው ቃል ነው እርስዎ ያላሉት ፕሮፌሰር?» ገጾቹን ከፍታ አቀረበችላቸው። «ድልድዩ ገጽ 78፤ ዘጠነኛው ቀን ገጽ 97፤ አዋጁ ገጽ 84። ከእኔ የወጣ አንድ ቃል የለም።»

«ቃሉማ የእኔ ነው። ግን እንዲህ ከላይና ከታች ሲቀመጥ ተማሪው አድማው አዋጁን ወለደው ብሎ ያነባል። እኔ ይኼን አላረጋገጥኩም። አዋጁ ከዚያ በፊት ይረቀቅ እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ አለ።»

«እኔም ወለደው አላልኩም። ሰሌዳው ውስጥ "ስለዚህ" የለም፣ "በመሆኑም" የለም። ቀንና ድርጊት ብቻ ነው። ምክንያቱን እርስዎ ምዕራፉ ውስጥ ይተንትኑት፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ ይከራከርበት።»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ፤ ክርክር ይወዳሉ። «ምክንያት አይገባም ካልሽ "ጠይቀው" የሚለው ምንድን ነው? ምክንያት አይደለም?»

«ጥያቄውማ ራሱ ድርጊት ነው። ያቀረቡትን ማመልከቻ እርስዎ ገጽ 97 ላይ ቃል በቃል ጠቅሰውታል። እኔ ያስወጣሁት ሌላ ነው፤ አዋጁ ላይ "ለሠራተኛው ደኅንነት በማሰብ" የሚል ነበረ። ያሰበውን ማን አየ? ያወጣውን ግን ሁላችንም አየን።»

«እሺ፣ ቦታ ጠበበኝ ትያለሽ አይደል? አድማውን አውጥተሽ ድልድዩን አስገቢው። ትልቅ ድልድይ ነው።»

«ድልድዩ ቀን ለመቁጠር ጠቅሞናል፤ እግዜር ይስጠው። ለምዕራፉ ግን ምንም አላደረገም፤ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። አድማው አራት ገጽ ይዟል፤ የማኅበሩ መቋቋም፣ የ1960ው የቆዳ ፋብሪካ አድማ፣ ሁሉም ወደ እሱ ይመለሳል። እሱን ካወጣሁ ቀሪው ከየት መጣ ይባላል?» መነጽሯን አወለቀች። «ፕሮፌሰር፣ መጽሐፉ የእርስዎ ነው፤ ሰሌዳው አይግባ ካሉ አይገባም። ከገባ ግን ቀኑን ተከትሎ ነው። ሌላ መንገድ የለውም።»

ፕሮፌሰሩ የምዕራፉን መጨረሻ ገጽ ገልጠው አነበቡ። ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ወረቀት የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጮሃል።

«"ቢያሻሽልም አድማ አላባራም" ያልኩት የቆዳ ፋብሪካውን ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

«አውቃለሁ። ግን ያነበብነው ሁሉ ጨርቃ ጨርቁን መስሎናል። እኔም ትናንት ካርዱን በስተቀኝ ነው ያኖርኩት።»

«ሠላሳ ዓመት በርእስ በርእስ ከፍዬ አስተማርኩ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ከዘራቸውን ጨብጠው ተነሡ። «አትቸኩይ። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ልይ። አሥራ ሦስት ይሁን አሥራ አራት በአንቺ ጣት ብቻ አይታተምም።»

«እኔም በእርስዎ ጋዜጣ ብቻ አላትምም፤ ገጽ ቁጥሩን ይዘው ይምጡ» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ተመልሰው መጡ። የግንቦት 14ቱን ጋዜጣ ግልባጭ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉት። ታችኛው ጥግ ላይ፣ አውራ ጣት በምታክል ቦታ፦ «ትናንት ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመዋል» ይላል። ትናንት ማለት 13 ነው። ከእሱ ሥር ደግሞ ፕሮፌሰሩ በገዛ እጃቸው ያስተካከሉትን የምዕራፉን መዝጊያ አኖሩላት፦ «የጨርቃ ጨርቁ አድማ ባበቃ በአርባኛው ቀን የስምንት ሰዓት አዋጅ ወጣ። በ1960 ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ።»

መቀሷ እርሳሷን አንስታ ቆጠረች፤ ከ23 ግንቦት እስከ 3 ሐምሌ። ከዚያ ቀና አለችና «ግንቦት 23ን አንድ ብለው ከቆጠሩ አርባ አንደኛው ነው» አለች። «እኔ እንደሱ ተሳስቼ ስለነበር ነው የያዝኩዎት። "ከአርባ ቀን በኋላ" ይበሉት።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁና ብዕራቸውን አወጡ። «ጋዜጣው ሳይደርስ አሥራ ሦስት መሆኑን እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?»

«እናቴ እዚያ ነበረች። አሥራ አንድ ጠዋት ቆጥራለች።»

«አድማ ላይ?»

«አይ» አለች መቀሷ። «ገብታ ትሠራ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ብዕሩን እንደያዙ አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው መዝጊያውን አስተካከሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «የሌሎቹንም ምዕራፎች ሰሌዳ አንቺ ሥሪልኝ። ስድስትም፣ ሰባትም። ጽሑፌ ውስጥ ሌላ ምን እንደተኛ ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መቀሷ የሰሌዳውን ገጽ ይዛ እናቷ ፊት ተቀመጠች። ነገሩን ማለዘብ አላሰበችም፤ ከንፈር የሚያነብ ሰው ሲያለዝቡበት ያውቃል። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀመሩ፤ ጣታቸው እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ 1958 ላይ ቆመ። ወደ ላይ አንድ መሥመር ሄደ። ወደ ታች አንድ መሥመር ተመለሰ።

«ግንቦት» አሉ።

«አዎ።»

«አዋጁ ሐምሌ።»

«አድማው ካበቃ ከአርባ ቀን በኋላ ነው እማዬ። አለቃው በር ላይ ሲሰበስባችሁ ምንም አልወጣም ነበር። ወረቀቱ መንገድ ላይ አልነበረም።»

እናቷ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ እንደ ጨርቅ በአውራ ጣታቸው አሹት። አላለቀሱም። ፊታቸው ግን ሥራ ላይ ሳሉ ክር ተበጥሶባቸው ከየት እንደተበጠሰ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ዋሸን» አሉ። «ያ ነጭ ኮፍያ ያለው አለቃ። ዓይኑን ሳያሽ!» ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አይተው፣ «እኔም ደግሞ ገርሞኝ አያውቅም። አርባ ቀን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት እየሠራሁ፣ ወረቀቱ ምን ዓይነት መንገድ ላይ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።»

«አባትሽ ታሞ ነበር።»

«ታሞ ነበር። ባውቅም ልገባ እችል ነበር፤ ለሆዴ መዋሸት የለብኝም።» ልጃቸውን አዩ። «ግን ባውቅ ኖሮ ጥጋበኛ አልላቸውም ነበር። ለአንቺ፣ ለወንድምሽ፣ ለልጆቹ… ለስንት ሰው አወራሁት! ይኼ መጽሐፍ ይታተማል?»

«ሰኞ ይገባል።»

«እንግዲህ ሲታተም የሚያነቡት ያንብቡ። እሷ ግን ዓይኗ እንደኔ ጆሮ ሆኗል ይላሉ፤ መጽሐፍ አታነብም።» ተነሡና ነጠላቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። «ነይ አድርሽኝ።»

«አሁን?»

«ታዲያ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ ደግሞ ለነገ?»

ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለው ቤት ሰማያዊ የብረት በር ነው። እናቷ ራሳቸው አንኳኩ። የከፈተችው ቀጭን፣ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ናት፤ ዓይኗን አጥብባ ወደ ድምፁ አቅጣጫ አየች። «ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ። የጎንሽ ማሽን።»

ሴትየዋ በሩን አልዘጋችም፤ ሰፋ አድርጋም አልከፈተችውም። እናቷ ሰላምታ ሳያቀርቡ ወረቀቱን ዘርግተው፣ ጆሮው የከበደ ሰው እንደሚናገረው ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸው አነበቡ፤ መጀመሪያ የግንቦቱን፣ ቀጥሎ የሐምሌውን። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጠፉት።

«የቀደማችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። «እኔ ሌላ ነበር የማወራው። ለልጆቼም ሌላ ነው የነገርኳቸው።»

«ይኼን ለማወቅ ወረቀት አስፈለገሽ?» አለች ሴትየዋ።

እናቷ ከንፈሯን አይተው ቃሉን ያዙት። «አስፈለገኝ» አሉ።

መንገዱ ላይ አንድ ሻጭ ባዶ ጋሪውን እየገፋ አለፈ። ሴትየዋ አንገቷን ወደ ጎን አዘንብላ የምታሰላስል መሰለች።

«እስቲ የሐምሌውን ድገሚልኝ» አለች። «ጮክ ብለሽ፤ ፋብሪካው ውስጥ እንጮኽ እንደነበረው።»

እናቷ ደገሙት። ሴትየዋ አንዴ ራሷን ነቀነቀችና በሩን እስከ ግድግዳው ወስዳ ከፈተችው። «ጉልበቴን ያመኛል፤ ቆሜ አልችልም። ግቢ እንግዲህ» አለች።

መቀሷ እንድትገባ ማንም አልጋበዛትም፤ እሷም አልጠበቀችም። በሩ ላይ ቆማ ሁለቱ አሮጊቶች ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ አየች። ወዲያው ከውስጥ ጭቅጭቅ ተሰማ፤ አሥራ አንደኛው ጠዋት ዝናብ ነበር አልነበረም ይባባላሉ። አንዷ አታይም፤ አንዷ አትሰማም፤ ሁለቱም ግን እርግጠኛ ናቸው። መቀሷ ለመገላገል አላሰበችም። እናቷን በስንት ሰዓት መጥታ እንደምትወስድ ለመጠየቅ ጮክ ብላ ተጣራች፤ ከሁለቱም መልስ ስታጣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ምዕራፍ ስድስትን ልትጀምር ወደ ቤቷ አመራች።